ምክንያት ያልተጻፈላቸው ትሬዶች

ድርጅቱ ሠራተኞቹ ከየቤታቸው እንዲሠሩ ከፈቀደ ወዲህ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቢሮ የሚመጣው ሽበቶ ብቻ ነበር። እውነተኛ ስሙ ሌላ ነው። ገና በሠላሳዎቹ ጆሮ ግንዱ ላይ ብቅ ያለውን ነጭ ፀጉር አይቶ ባልደረባው "ሽበቶ" ካለው ጀምሮ ግን ከእናቱና ከእህቱ በቀር በስሙ የሚጠራው ጠፋ። ስም አውጪው ባልደረባም ራሱ አላመለጠም፤ ጠዋት ሲገባ ተከፍቶ ማታ ሲወጣ የሚዘጋ አፍ ስለነበረው ሬዲዮ ተባለ።

ሥራቸው በድርጅቱ ገንዘብ መነገድ ነው። ወርቅ ይገዛሉ፣ ወርቅ ይሸጣሉ፤ አንዳቸውም ግን ወርቁን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። የሚያዩት ስክሪን ላይ የሚወጣና የሚወርደውን ዋጋ ነው። ይወጣል ብለው ካመኑ ይገዛሉ፣ ይወርዳል ካሉ ይሸጣሉ። አንዱን ግዢ ወይም ሽያጭ ትሬድ ይሉታል፤ ወደ ትሬድ ከመግባታቸው በፊት ደግሞ "ካሰብኩት ውጪ ከሄደ እዚህ ጋ ቁረጠኝ" ብለው አንድ ዋጋ ያስቀምጣሉ። ስቶፕ ይሉታል። ስቶፕ የሌለው ነጋዴ ፍሬን የሌለው መኪና ነው ይላሉ፤ ለዚህም ነው የሁሉንም ኪሳራ የምትከታተለውን ሴትዮ ፍሬን ብለው የሚጠሯት። ፊት ለፊቷ አይሏትም። እሷ ግን ታውቃለች።

ቢሮው ስድስት ጠረጴዛ አለው። አምስቱ ላይ የጠፉ ስክሪኖች ተደርድረዋል። የሬዲዮ ወንበር ላይ ሬዲዮ ጥሎት የሄደው ሹራብ እስካሁን እንደተንጠለጠለ ነው። ሽበቶ ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ መብራቱን ሁሉ ያበራል፤ ለአንድ ሰው የአንድ ጥግ መብራት ይበቃ ነበር። ከዚያ ውሃ ያፈላል፣ ሻዩን ይዞ ይቀመጣል፣ ስክሪኑ ላይ በግራ በኩል ያለውን የሥራ ግሩፑን የስም ዝርዝር ያያል። ሥራ የጀመረ ሰው ስሙ አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ይበራል፤ ሲወጣ ጠፍቶ ግራጫ ይሆናል። የሬዲዮ ነጥብ ከበራች በኋላ ነው ሽበቶ ሥራ የጀመረ የሚመስለው።

"ለምን ቤትህ ሆነህ አትሠራም? ትራንስፖርቱስ፣ ድካሙስ?" ትለዋለች እህቱ በስልክ።

"ቢሮ ይሻለኛል እትዬ። ስክሪኑ ትልቅ ነው።"

እውነቱ ቤቱ ውስጥ ነበር። እናቱ አብራው ኖራ ኖራ፣ ጉልበቷ ደረጃ መውጣት እንቢ ሲላት እህቱ ወዳለችበት ከተማ ወሰደቻት። ክፍሏ እንዳለ ነው። አልጋው ተነጥፏል፣ መጋረጃው ተሰብስቧል፤ የመድኃኒቷ ጠረን ግን እየቀነሰ ሄዶ አንድ ቀን ጨርሶ ጠፋ። ሽበቶ ያን ቀን በሩን ዘጋው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሆኖ መሥራትን አስቦት አያውቅም።

*

የድርጅቱ ደንብ እያንዳንዱ ሰው የውሎውን ማስታወሻ፣ ጆርናል፣ እንዲይዝ ያስገድዳል። ከመግባትህ በፊት የዋጋውን አካሄድ የሚያሳየውን ቻርት ስክሪንሾት ታነሣለህ፦ የምትገባበት፣ ስቶፕህና የምታልመው ዋጋ መስመር ተሰምሮባቸው። ለምን እንደምትገባ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ትጽፋለህ። ከወጣህ በኋላ እንደገና ታነሣለህ፤ ምን እንደሆነና ምን እንደተሰማህ ትጨምራለህ። ሳትገባ የቀረህበትንም ቀን ታነሣለህ፤ መታገሥም ሥራ ነውና። ብዙዎቹ ይህን እንደ ግብር ነበር የሚያዩት። ሽበቶ ግን አንድም ቀን ዘልሎ አያውቅም። ችግሩ ያነሣውን መልሶ አለማየቱ ነበር።

አንድ ቀን የገዛው ወርቅ ዋጋው እየወረደ ኪሳራ ላይ ኪሳራ ሲጨመር፣ ፍሬን ደወለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን እያየህ ነው?"

"ይመለሳል ብዬ ነው።"

"ስቶፕህ የት አለ?"

"ትንሽ ዝቅ አድርጌዋለሁ።"

"ዝቅ አድርጌዋለሁ ማለት ጭራሽ አንሥቼዋለሁ ማለት ነው። ዝጋው። አሁን፤ ስልኩን ሳትዘጋ።"

የገዛውን ሸጦ ትሬዱን ዘጋው። እሷም እስኪዘጋ ጠበቀችና "እሺ፣ ሻይህን ጠጣ" አለችው። እንዲህ ያለ ስልክ የመጀመሪያ አልነበረም። በሌላ ቀንም ደውላለች፣ በሌላም። ሽበቶ በየጆርናሉ መጨረሻ "ፍሬን ደወለች፤ ዘጋሁ" እያለ ጽፎ ያልፋል።

በወሩ መጨረሻ ግን የደወለችው ከሌላው ጊዜ ለየት ባለ ድምፅ ነበር። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ ቀስ ስትል ደግሞ ነገር አለ ማለት ነው።

"የምትነግድበትን የገንዘብ መጠን በግማሽ ልቆርጠው ነው" አለችው። "ጀማሪ ብትሆን አይገርመኝም ነበር። ጥሩ ስትሠራ ከሁሉም ትበልጣለህ። ስታጠፋ ደግሞ ማን እንደሆንክ አላውቅህም። አመልህን በጉያ፣ ስንቅህን በአህያ ይባላል፤ አንተ ግን አመልህን በአህያ ጭነህ ገበያ ይዘኸው ወጥተሃል።"

"እሺ። ምን ላድርግ?"

"ጆርናልህን ግለጠው። ከመጀመሪያው። የሚደጋገም ነገር ፈልገህ እስክትነግረኝ መጠንህ አይመለስም። ገበያው ከፋብኝ የሚል መልስ አልቀበልም።"

*

ሽበቶ እንደማንኛውም ሰው የጀመረው ከሚያመው ቦታ ነው። የከሰረባቸውን ትሬዶች ሁሉ ለብቻ ለያቸው፤ ከዚያ ስክሪንሾቶቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ያጠፋውን ከሥር ጻፈ። አንዱ ላይ "ዘግይቼ ገባሁ"፣ ሌላው ላይ "ስቶፕ አነሣሁ"፣ ሌላው ላይ "አቅጣጫው ተሳሳተ"። ብዙዎቹ ላይ ደግሞ የሚጻፍ ነገር አጣ፤ ሁሉም እንደ ዕቅዱ ሆኖ ዋጋው ብቻ እንቢ ያለበት ነበር። ሲጨርስ የተረፈው ከየመንደሩ የተሰበሰበ ዕቃ የመሰለ ነገር ነው። ምንም ቅርጽ የለውም።

ለሬዲዮ ደወለለት።

"ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ" አለው። "ሁሉም ጥፋት አለብኝ። አንድም የሚደጋገም የለኝም።"

"የከሰርክበትን ነዋ የያዝከው?" አለ ሬዲዮ። ከጀርባው ሕፃን ታለቅሳለች፣ የሆነ ዕቃ ይወድቃል። "ኪሳራና ጥፋት ምን አገናኛቸው? በደንብ ገብተህ፣ ስቶፕህ ቆርጦህ ከወጣህ ሥራህን ሠርተሃል። አጥፍተህ ያተረፍክበትንስ የት ደበቅኸው? እሱ ነው ሌባው! ትርፍ ያስታቀፈህ ጥፋት ነገ ኪሳራ የሚባል እንግዳ ይዞብህ ነው የሚመጣው።"

"ትርፉንም ልይ?"

"ትርፉንም፣ ያልገባህበትንም። ሁሉንም። ደግሞ በደረሰብህ ሳይሆን ባደረግኸው ለየው። ቆይ… ቆይ፣ ልጅቷ ስልኬን ልትውጠው ነው።" ስልኩ ተዘጋ።

ሽበቶ ስልኩን አስቀመጠ። ከዚያ ትርፍና ኪሳራ የሚለውን ክፍፍል አፈረሰውና ሁሉንም ትሬድ ደባለቀ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ ከመግባቴ በፊት ያሰመርኩት መስመርና የጻፍኩት ምክንያት አለ ወይስ የለም?

የእሱ አሠራር ብዙ ውስብስብ አልነበረም። ዋጋው ከዚህ በፊት ወርዶ ወርዶ የተገታበትን ቦታ መስመር ያሰምርበታል። ዋጋው እንደገና እዚያ ድረስ እስኪወርድ ይጠብቃል። መስመሩን ነክቶ ወደ ላይ ሲመለስ ይገዛል፤ ስቶፑን ከመስመሩ ሥር ያደርጋል። በቃ። ስለዚህ ጥሩ ስክሪንሾት ከሩቅም ያስታውቃል፤ መስመሩ አለ፣ ዋጋው ወርዶ ሲነሣ ይታያል። መጥፎው ደግሞ ምንም የለውም። ዋጋው መሐል ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይል ተኝቷል። እዚያው መሐል ሽበቶ ገብቷል። ምክንያት በሚለው ቦታ ባዶ ነው፤ ወይም "የሚነሣ መሰለኝ" ይላል።

በአንድ ስክሪን ላይ ማወዳደሩ ሲያስቸግረው ተነሥቶ የሬዲዮን ስክሪን አበራ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን፣ ከዚያም የቀሩትን ሁሉ። ቢሮው ሰው የነበረበት ጊዜ መሰለ። የኮምፒውተሮቹ ማራገቢያዎች ተነሥተው ማጉረምረም ጀመሩ። ሽበቶ መሐል ላይ ቆሞ የሚያውቀውን ድምፅ ሰማ፤ ለአፍታ ያህል ለምን እንዳበራቸው ረሳ።

በሁለቱ ላይ ምክንያት ያላቸውን ከፈተ። በሦስቱ ላይ ምክንያት የሌላቸውን። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየተዘዋወረ ያይ ጀመር።

መጀመሪያ ያየው ቀላሉን ነበር። ምክንያት የሌላቸው ሁሉ እኩለ ቀን ላይ ናቸው። ሰዓቱ ስክሪኑ ጥግ ላይ አለ። ይህማ ይታወቃል፤ እኩለ ቀን ላይ ገበያው ይበርዳል፣ ሰው ይሰለቻል፣ የተሰለቸ ሰው ደግሞ እጁ አያርፍም። "መሰላቸት" ብሎ ጻፈ። ለፍሬን የሚነግረውን ያገኘ መሰለው። ሊቀመጥ ሲል ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለው።

ያልገባባቸውን ቀናት ከፈተ። ገበያው ጠዋት በርዶ የዋለባቸው ቀናት አሉ፤ ያኔ "ጠበቅሁ፣ አልመጣም፣ ተውኩት" ብሎ ጽፏል። ያኔስ ለምን አልተሰለቸም? እኩለ ቀን ሆኖም ያልገባባቸው ጥቂት ቀናት ነበሩ። ቻርቱ ያው ነው፣ ልክ እንደ ሌሎቹ የተኛ። ሰዓቱም ያው ነው። እጁ ግን አርፏል። ለምን?

አንዱን ከዚያኛው አጠገብ አድርጎ ቻርቱን ሲያይ፣ ሲያይ፣ ምንም ልዩነት አጣ። ቻርቱን ትቶ ጠርዙን አየ።

የሚያነሣበት ፕሮግራም ስክሪኑን በሙሉ ነበር የሚያነሣው። ሁልጊዜ ጠርዙን መቁረጥ አለብኝ እያለ ሳይቆርጠው የቀረው የግሩፑ ዝርዝር በግራ በኩል አለ። እጁ ባረፈበት ቀን የሬዲዮ ነጥብ አረንጓዴ ናት። ሬዲዮ ያን ቀን ምሳውን ስክሪኑ ፊት እየበላ ስለ አማቱ ሲያወራ እንደነበር ሽበቶ አስታወሰ። በሌላውም ቀን አንድ ሰው አለ። ምክንያት የሌላቸውን ከፈተ። ግራጫ። ሁሉም ስም ግራጫ። ቀጣዩንም ከፈተ፣ ግራጫ ነው። ከወንበር ወንበር እየሄደ ከፈተ። አንዳንዱ ላይ የመጨረሻው ሰው የወጣበትና እሱ የገባበት ጊዜ ሻይ ለማፍላት እንኳ አይበቃም።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ የራሱ አልነበረም፣ የማን እንደሆነ አላስተዋለም። ከዚያ ከእያንዳንዱ ሥር የጻፈውን አነበበ። አንድ ሰው ገብቶ ሲገዛ ወይም ሲሸጥ ግሩፑ ላይ ለሁሉም ይታያል። ማስታወሻዎቹ ይህን ይላሉ፦ "ሬዲዮ ምን አየህ አለኝ። ዘጋሁት።" "ማንም አላየውም። ያዝኩት።" "እየወረደ ነው። ያዝኩት።" "ስቶፕ አነሣሁ።" "ፍሬን ደወለች፤ ዘጋሁ።" "ፍሬን ደወለች፤ ዘጋሁ።" ያተረፈባቸው ላይ ደግሞ የተጻፈ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ትርፉ ሲመጣ አስደስቶት አያውቅም። አንዱ ላይ ብቻ "ማንም አልደወለም" ይላል። ይህን ራሱ ነው የጻፈው። መቼ እንደጻፈው አያስታውስም።

ፊቱ ጋለ። ቢሮው ውስጥ ማንም ባይኖርም ሰው ያየው ይመስል ስክሪኖቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው።

*

ለፍሬን ወዲያው አልነገራትም። "የእኩለ ቀን መሰላቸት" ብሎ ቢጽፍላት ትቀበለው ነበር፤ መጠኑም ይመለስለት ነበር። ያን ሳምንት መንገድ ላይ ሳለ ይህንኑ ስልኩ ላይ ጽፎ ሊልክላት ሲል ተወው። አንድ ማታ እህቱ ስትደውል "ሥራ እንዴት ነው?" አለችው፤ "ደህና ነው" አላት። እናቱን አገናኘችው። እናቱ በስሙ ጠራችው፤ "ልጄ፣ በልተሃል?" አለችው። በልቻለሁ አላት፤ ቆሞ ከድስቱ ነበር የበላው።

በማግሥቱ ለፍሬን ራሱ ደወለ።

"አገኘሁት" አላት።

"ስቶፕ ማንሣትህን?"

"እሱማ መጨረሻው ነው። መጀመሪያው ሌላ ነው። ያለ ምክንያት የምገባው ሁላችሁም ለምሳ ስትወጡ ነው።"

"እኩለ ቀን ላይ ማለት ነዋ። ገበያው ሲበርድ።"

"እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን ሰው ካለ፣ ገበያው ቢበርድም፣ እኩለ ቀንም ቢሆን፣ አልገባም። ስክሪንሾቶቹ ላይ አለ፤ እልክልሻለሁ። የመጨረሻዋ ነጥብ ስትጠፋ እገባለሁ።"

"እሺ። እና ለምን ይመስልሃል?"

ሽበቶ የሬዲዮን ሹራብ አየ። "ስገባ ግሩፑ ላይ ይወጣል። አንዳንዴ ሬዲዮ ከምሳው ተነሥቶ 'ምን አየህ?' ይለኛል። ካላለኝ… ይዤው እቀመጣለሁ። እየከሰረም ይዤው እቀመጣለሁ። ከዚያ አንቺ ትደውያለሽ።"

ሽበቶ ስልኩን ከጆሮው አርቆ መስመሩ እንዳልተቋረጠ አየ።

"ዘጋሽው እንዴ?"

"አለሁ" አለች። "ስደውል ገና ሳይጠራ ነው የምታነሣው" አለችው። "ደንግጠህ ይመስለኝ ነበር። ምስኪን፣ ስልኩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀኝ እያልኩ አዝን ነበር።"

"ስልኩ ላይ መቀመጤስ እውነት ነው።"

አልሳቀችም። እሱም ለማሳቅ ብሎ አልነበረም።

"እንግዲህ ምን እናድርግ?" አለችው። እንደ አለቃ አልነበረም አጠያየቋ።

ሽበቶ ይህን አስቦበት ነበር የደወለው። "ሁለት ነገር። መስመር የተሰመረበት ስክሪንሾት ቀድሜ ካላስገባሁ ሲስተሙ ትዕዛዝ አይቀበለኝ። ሁለተኛ፣ የቀን የኪሳራ ገደቤ ላይ ስደርስ ራሱ ይዝጋብኝ። ለሌሎቹ እንደሚያደርገው።"

ለሌሎቹ እንደዚያ ነበር። ገደባቸው ላይ ሲደርሱ ሲስተሙ የያዙትን ሸጦ በሩን ይዘጋባቸዋል። እሱ ነባር ስለሆነ ብቻ ነበር ፍሬን በሰው ድምፅ የምታስቆመው።

"ይህ ማለት እኮ እኔ አልደውልም ማለት ነው" አለችው።

"አውቃለሁ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"አይደለሁም። ግን አድርጊው።"

*

ሠራ። ዘዴው ሠርቷል ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ሰሞን እኩለ ቀን ላይ የመጨረሻዋ ነጥብ ስትጠፋ እጁ ወደ ማውሱ ይሄድ ነበር። ሲስተሙ "የቅድመ መግቢያ ምስል ያያይዙ" ይለዋል። ምን ብሎ ያያይዝ? የሚያሰምርበት የለም። እጁን ይመልሰዋል። አንድ ቀን ግን አታለለ፤ ምንም በሌለበት ቦታ ላይ መስመር አስምሮ፣ ምክንያትም ፈጥሮ ገባ። ከሰረ፤ ገደቡ ላይ ሲደርስ ሲስተሙ ዘጋበት። ምንም ድምፅ አልነበረውም። ስክሪኑ ላይ "ለዛሬ ተዘግቷል" የሚል ጽሑፍ መጣ። ሽበቶ ስልኩን አየው። ስልኩም ዝም ብሎ አየው። ያን ዕለት በጆርናሉ ላይ "የፈጠርኩት መስመር" ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ሁሉም ነጥቦች ግራጫ እንደነበሩ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ አላታለለም።

ኪሳራው ቀነሰ። በደንብ የሚገባባቸው ትሬዶች ድሮም ጥሩ ነበሩ፤ ያለ ምክንያት የተከፈቱት ነበሩ ትርፉን ሲበሉበት የኖሩት። ከሳምንታት በኋላ መጠኑ ተመለሰለት። የተነገረው በአጭር መልእክት ነው፦ "የንግድ መጠንዎ ወደ ቀድሞው ተመልሷል።" ሲስተሙ የላከው ነበር፤ አንቱታው ያስታውቃል።

ስኬቱ የመጣው ከዝምታ ጋር ነው። ቀድሞ በሳምንት የማይቀር ስልክ ነበር። አሁን እኩለ ቀን ላይ ቢሮው የእውነት ባዶ ሆነ። ሽበቶ ደረጃውን ወርዶ የሕንፃውን ዘበኛ ያናግራል፤ ዘበኛው ስለ እግር ኳስ ያወራል፣ ሽበቶ እግር ኳስ አይከታተልም። ተመልሶ ይወጣል። ኩባያውን ያጥባል። የታጠበውን እንደገና ያጥባል።

አንድ ቅዳሜ ሬዲዮ ጋ ሄደ። ሬዲዮ በሩ ላይ አቅፎት "ሽበቶዬ! አሁንማ ሽበቱ አሸነፈህ!" አለው፤ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሚስቱ የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት፤ በውስጠኛው ክፍል ተኝታለች። ሬዲዮ ልጁን ጭኑ ላይ አድርጎ በሹክሹክታ ሲያወራ ሽበቶ ተገርሞ አየው። ያ ሁሉ ወሬ እዚህ ቤት በጆሮ የሚንሾካሾኩት ሆኗል። ሕፃኗ የሽበቶን ጣት ይዛ ወደ አፏ ወሰደች። ስለ ቢሮው አወሩ፣ ስለ ወርቅ አወሩ፣ ከዚያ የሚያወሩት አለቀ። ድሮ አልቆ የማያውቀው አለቀ። ሽበቶ ሹራቡን አምጥቶለት ነበር፤ ሬዲዮ "ውይ፣ የት አገኘኸው!" ብሎ ከወንበሩ ጀርባ ላይ ጣል አደረገው። ሽበቶ ወጥቶ አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ መሄዱ ጥሩ እንደነበርም ቀሪው ቀን እንደረዘመበትም ሁለቱም እኩል ተሰሙት።

ሰኞ ቢሮ ገብቶ መብራቱን ሁሉ አበራ። እኩለ ቀን ላይ የመጨረሻዋ ነጥብ ጠፋች። ቻርቱ ተኝቷል። ሽበቶ ስልኩን አነሣና ለፍሬን ደወለ።

"ምነው?" አለች ገና ሳትሰማው። የኪቦርድ ድምፅ ይሰማል፤ የእሱን ገጽ እየከፈተች ነው። "ምን ይዘሃል? ምንም የለም እኮ እዚህ።"

"አዎ። ምንም የለም።"

"እና?"

"ዝም ብዬ ነው የደወልኩት።"

ኪቦርዱ ቆመ። "ዝም ብለህ" አለች፣ ቃሉን እንደ ባዕድ ቃል እያገላበጠች። ከዚያ "ስብሰባ ልገባ ነው እኮ" አለች።

"ግቢ፣ ግቢ። ምንም አይደለም።"

"ቆይ። ምሳ በልተሃል?"

"እበላለሁ።"

"እሺ። ሌላ ጊዜ እደውላለሁ።"

ዘጋች። ሽበቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ምሳውን ሊበላ ወረደ። ያን ቀን አልደወለችም፤ በማግሥቱም። ሥራ የሚበዛባት ሰው ናት፤ ከሁሉም ጋር እንዲሁ ናት ብሎ ነገሩን ተወው። ጠዋት አንድ ጥሩ ትሬድ አገኘ፤ ዋጋው ያሰመረው መስመር ላይ ወርዶ ተመለሰ፣ ገባ፣ ያለመው ዋጋ ላይ ሲደርስ ወጣ። ስክሪንሾቱን አነሣ። "ጠበቅሁ፤ መጣ" ብሎ ጻፈ።

በሳምንቱ ማብቂያ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ስልኩ ጠራ። ስሟን ሲያይ ሽበቶ መጀመሪያ ዓይኑን ወደ ስክሪኑ ወረወረ፤ የተከፈተ ነገር ይኖር እንደሆን። አልነበረም። ስልኩ ጥቂት እስኪጠራ ጠበቀና አነሣው።

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋህም" አለች ፍሬን። አንድ ቦታ ቁጭ ብላ የምትበላ ይመስላል፤ የማንኪያ ድምፅ ይሰማል። "የእናትህ ጉልበት እንዴት ሆነ? ባለፈው ደረጃ አልወጣ ብሏታል ብለኸኝ ነበር። የእኔም እናት ሰሞኑን እንዲሁ ሆናለች።"

መቼ እንደነገራት አላስታወሰም። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረና ይነግራት ጀመር።